ከምግብ በፊት በውሃ፣ ከምግብ በኋላ በሳሙና

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ የበላችሁ ሰዎች ይህን ታውቁታላችሁ። ከመብላታችሁ በፊት ወደ ቧንቧው ትሄዳላችሁ፣ እጃችሁን ውሃ ታስነኩታላችሁ፣ ሁለቴ አራግፋችሁ ትመለሳላችሁ። በልታችሁ ስትነሱ ግን የሳሙና ያለህ ነው። ጣቶቻችሁን እያሸተታችሁ ደጋግማችሁ ትታጠባላችሁ። ሽታው አልለቅ ካለ ሎሚ የሚጠይቅም አለ።

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚሁ ነበርኩ። ሳሙና ለሽታ፣ ለቅባትና ለወጥ ነው። ምንም የማይታይበትን እጅ ውሃ ይበቃዋል ብዬ ነው የኖርኩት። ይህ ልማድ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የገባኝ ልጄ አሥራ አንድ ወር ሲሆነው፣ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ስሰጠው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ማሙሽ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ጀመረ። በስምንተኛው ወር ተቅማጥ ያዘው። አማቴ አይተውት «ጥርስ ነው፣ አትጨነቂ» አሉ። እውነትም ድዱ አብጦ ነበር፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። በሦስት ቀኑ ተወው። እኔም የጥርስ ነው ብዬ አመንኩ። በአሥረኛው ወር ሲመለስበት ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ታዝዞ የነበረውን ሽሮፕ ስሙን ይዤ ሄጄ ከፋርማሲ ገዛሁ። ሐኪም ሳያየው ሰጠሁት። ከቀናት በኋላ ሲሻለው መድኃኒቱ ነው ያዳነው አልኩ። በራሱ ጊዜ እንደተወው ማን ይንገረኝ? የሮታ ክትባቱን በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ስለወሰደም ከባድ ተቅማጥ አይነካውም የሚል እምነት ነበረኝ። ክትባቱ የሚከላከለው ሮታ የተባለውን ቫይረስ ብቻ ነው። ተቅማጥ የሚያመጡት ሌሎቹ ጀርሞች ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ግን ሌላ ነበር። ከምሽቱ ጀምሮ እንደ ውሃ ያስቀምጠዋል፣ የጠጣውንም ያስመልሰዋል። እዚህ ላይ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ። «ሆዱ ይረፍ» ብዬ ጡትም ውሃም ቀነስኩበት። ሊነጋጋ ሲል ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተው ነበር። ያለቅሳል፣ እንባ ግን የለም። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሽንት አልሸናም። ባለቤቴ ባጃጅ ጠርቶ ይዘነው በረርን።

የተቀበለችን ሲስተር በዕድሜ ጠና ያለች፣ ድምጿ የማይቸኩል ሴት ነበረች። ሆዱ ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ወዲያው መመለስ የነበረበት ቆዳ ቀስ ብሎ ተመለሰ። መዘነችው፣ ስምንት ኪሎ። አጥብቆ ስለሚጠጣ ግሉኮስ አያስፈልገውም አለች። ኦአርኤስ የሚባለውን የሕይወት አድን ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጠችና ከእሱ 600 ሚሊ ሊትር ለክታ ሰጠችኝ። «ይህን በአራት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ፣ ቀስ ብለሽ ቀጥዪ። ጡትም ስጪው» አለችኝ። አንዴ አስመለሰው። ጠበቅሁና ቀጠልኩ። ወደ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሸና። ሽንት ዓይቼ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

በእነዚያ አራት ሰዓታት ሲስተር እየመጣች ታየው ነበር። ከፊቴ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። በመሐል ግን፣ «የኔ እህት፣ ትናንት እጅሽ የት የት እንደዋለ እስቲ ንገሪኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። ጠዋት የማሙሽን የጨርቅ ዳይፐር ቀየርኩ። ያለበትን መጸዳጃ ቤት ደፋሁ፣ ጨርቁን ቧንቧው ሥር አለቀለቅሁ።

«ከዚያስ?»

«እጄን ታጠብኩ።»

«በምን?»

ዝም አልኩ። በዚያው ጨርቁን ባለቀለቅሁበት ውሃ ነበር። ከዚያ በር ላይ በተሰቀለው ፎጣ ጠረግሁ። ያ ፎጣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠርግበት ነው። ከዚያ የተቀቀለውን ድንች በእጄ ፈጨሁ፣ ጓል እንዳይኖረው በጣቶቼ አሸሁት። መቀዝቀዙን ለማወቅ ጣቴን ነከር አደረግሁ። አጎረስኩት።

«የሕፃን ስለሆነ ምን አለው ብዬ ነው» አልኳት በመጨረሻ።

ብዙ እናት እንደዚህ እንደሚያስብ ነገረችኝ። የሕፃን ዓይነ ምድር ግን ከአዋቂ አይሻልም። ትንንሽ ልጆች ቶሎ ቶሎ ስለሚታመሙ እንዲያውም ጀርሙ ሊበዛበት ይችላል። አንዳንዱ ጀርም ለማሳመም በጣም ጥቂት ይበቃዋል፣ ጥፍር ሥር የሚደበቅ ታህል። እኔ እንግዲህ ከልጄ ሆድ የወጣውን መልሼ ለልጄ ነበር የማጎርሰው። ተሻለው ስል የሚመለስበትም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለ ጥርሱም ጠየቅኋት። ጥርስ የሚወጣበት ጊዜ ልጁ መዳህና ምግብ የሚጀምርበት፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው አለችኝ። ጥርሱ ይታማል፣ ጀርሙ የሚገባው ግን በእጅ ነው። ጥርስ የሚያስነቅሉ፣ እንጥል የሚያስቆርጡ ሰዎች ዛሬም ስላሉ እባካችሁ ይህችን ነገር ለአያቶች ንገሯቸው።

ከዚያ ሲስተር አንድ ነገር አደረገች። በትንሽ ብልቃጥ የያዘችው ዘይትና እርድ የተቀላቀለበት ነገር አላት። ጠብ አድርጋ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝና «እንደ ቅባት ተቀቢው፣ የእጅሽን ጀርባም ጣቶችሽንም» አለችኝ። እጄ ቢጫ ሆነ። «አሁን ቤት እንደምትታጠቢው ታጠቢ።» በውሃ ታጠብኩ። ውሃው ከላዩ እየተንከባለለ ወረደ እንጂ ቢጫው ካለበት አልተነቃነቀም። የእጅ ወዝና ቅባትም እንደዚሁ ነው፣ ጀርሙ በውስጡ ተጣብቆ ይቀመጣል። ሳሙናው ያን ቅባት ከቆዳው ያላቅቃል፣ ማሸቱ ያንቀሳቅሰዋል፣ ውሃው ተሸክሞት ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሥራው ግማሽ ነው።

ቀጥሎ በሳሙና ታጠብኩ፣ እንደልማዴ ፈጠን ብዬ። መዳፌ ነጻ። አውራ ጣቶቼ ግን ዙሪያቸውን ቢጫ ነበሩ። የጣቶቼ ጫፍና የጥፍሬ ሥርም እንዲሁ። የጋብቻ ቀለበቴን ሳወልቀው ከሥሩ ሌላ ቢጫ ቀለበት ተቀምጧል። ምግብ የሚነካው የጣት ጫፍ ነው፣ ልጅ የሚጎርሰው ከጣት ጫፍ ነው። እኔ ደግሞ ስታጠብ የኖርኩት መዳፌን ነው።

ሦስተኛውን ጊዜ እሷ እያሳየችኝ ታጠብኩ። እጅ ይረጥባል፣ ሳሙና ይያዛል፣ ቧንቧው ይዘጋል። መዳፍ ከመዳፍ ይታሻል። ከዚያ አንዱ መዳፍ የሌላውን እጅ ጀርባ ያሻል፣ ጣቶች በጣቶች መካከል ይገባሉ። አውራ ጣት በሌላው እጅ ተጨብጦ ይዞራል፣ የበር እጀታ እንደማዞር። መጨረሻ ላይ የጣቶች ጫፍ መዳፍን እየጫረ ይታሻል፣ ሳሙናው ጥፍር ሥር እንዲገባ። ማሸቱ ብቻ ሃያ ሰከንድ ያህል መውሰድ አለበት። ቀስ ብሎ እስከ ሃያ መቁጠር ነው። ውሃው የግድ መሞቅ የለበትም፣ ቀዝቃዛውም ይሠራል። ዘይትና እርድ ቤታችሁ አለና ሞክሩት። ጥፍራችሁ ለአንድ ቀን ቢጫ ቢሆን አትፍረዱብኝ።

ማሙሽ ኦአርኤሱንና ለአሥር ቀን የሚወስደውን ዚንክ ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ማወቅና ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። የምንኖረው ሌሎች ተከራዮችም ባሉበት ግቢ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ጥግ ላይ ነው። ሳሙናው ግን ቤት ውስጥ መደርደሪያ ላይ፣ «ውጭ ከተቀመጠ ያልቃል» ተብሎ። ቆሻሻ እጅ ይዤ ሃያ እርምጃ ሄጄ፣ በር ከፍቼ፣ ሳሙና አንስቼ፣ ተመልሼ ልታጠብ? በመጀመሪያው ሳምንት አደረግሁት። በሁለተኛው መዝለል ጀመርኩ።

መፍትሔው ርካሽ ሆነ። በአንድ ሊትር ተኩል የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተን 30 ግራም ገደማ የልብስ ዱቄት ሳሙና ጨመርንበትና በጠበጥነው። ክዳኑን በጋለ ምስማር በሳነውና በገመድ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አሰርነው። ጠርሙሱ ሲጨመቅ ትንሽ ጠብ ይላል። ማንም አይወስደውም፣ ቢወስደውም አያከስርም። ለማሙሽ እጅ ግን የገላ ሳሙና ነው የምጠቀመው፣ የልብስ ሳሙናው ለሕፃን ቆዳ ይከብዳል።

ውሃው ሌላ ራስ ምታት ነበር። ቧንቧ ሁልጊዜ አይመጣም። በርሜል ውስጥ ኩባያ እየነከርን ስንቀዳ ቆሻሻው እጅ ኩባያውን ይነካል፣ ኩባያው በርሜሉን ይነካል። ስለዚህ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ገዛን። ሳሙናውን ስናሽ ይዘጋል፣ ስናለቀልቅ ይከፈታል። አንድ ቀን ሳፋ ከሥሩ አድርጌ ለካሁት። ከሃይላንድ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አላለፈም። «ውሃ የለም» የምትለዋ ምክንያቴ እዚያ ላይ አለቀች።

እንግዳ ስናስታጥብ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ልጅቷ በማንቆርቆሪያ ታፈሳለች፣ እንግዳው ከሥር ሳህኑ ላይ እጁን ይዘረጋል፣ ሦስት ሰከንድ፣ «በቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ»። ሳሙናው ሳህኑ ዳር ላይ ለጌጥ ተቀምጧል። እንግዳን «በሳሙና ታጠብ» ማለት ያሳፍራል። አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፤ ልጅቷ ጥቂት አፍስሳ ማንቆርቆሪያውን ቀና ታደርጋለች፣ ሳሙናውን በእጇ ታቀብላለች፣ ትጠብቃለች። ውሃው ስለቆመ እንግዳው ሳሙናውን ከመቀበል በቀር የሚያደርገው የለም። እስካሁን የተቀየመ የለም።

ሌሎቹን ስህተቶቼንም ላውራ። አንደኛው ሳኒታይዘር ነው። ገዝቼ ዳይፐር ከቀየርኩ በኋላ እሱን ብቻ እቀባ ነበር፣ ዘመናዊ የሆንኩ መስሎኝ። ለዚንኩ ክትትል ስንመለስ ሲስተርን ጠየቅኋት። ቆሻሻ ወይም ቅባት ባለበት እጅ ላይ በደንብ አይሠራም አለችኝ፣ አንዳንድ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችም አልኮልን ይቋቋማሉ። ከመጸዳጃ ቤትና ከዳይፐር በኋላ ሳሙናና ውሃ ነው። ሳኒታይዘሩ ባጃጅ ውስጥና ገበያ ላይ፣ ውሃ በሌለበት ይጠቅማል፣ አልኮሉ 60 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ። እስኪደርቅ መታሸትም አለበት። ካልደረቀ ወደ እሳት አትጠጉ፣ ከልጅ እጅም አርቁት።

ሁለተኛው ያ የበር ላይ ፎጣ ነው። ታጥቤ ታጥቤ በእሱ ስጠርግ ሁሉንም መልሼ እወስዳለሁ። እርጥብ እጅም ከደረቀ እጅ ይልቅ ጀርም በቀላሉ ያነሳል፣ ያስተላልፋልም። አሁን ለምግብ ሰዓት ብቻ የሚሆን ፎጣ አለን፣ በየቀኑ ይለወጣል። ከሌለ በነፋስ ማድረቅ ይሻላል። ቀሚስ ላይ መጥረግን ግን እውነቱን ልናገር፣ ገና አልተውኩትም።

ሦስተኛው እጄ መሰነጣጠቁ ነው። ቀኑን ሙሉ መታጠቡ ቆዳዬን አደረቀውና አቃጠለኝ። ያኔ ሳላውቀው መታጠብ መሸሽ ጀመርኩ። ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባት ጀመርኩና ዳነ። ደግሞም ሁልጊዜ መታጠብ አያስፈልግም። ለእኔ ቤት ሊዘለሉ የማይችሉት ሰዓቶች መጸዳጃ ቤት ከተጠቀምኩ በኋላ፣ ማሙሽን ካጸዳሁ በኋላ፣ ምግብ ልሠራ ስል፣ ልበላና ላጎርስ ስል ናቸው። የማሙሽን እጅም ምግብ ሊበላ ሲል አጥባለሁ። ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አሉ፣ እሱ ደግሞ የሚድኸው ዶሮዎቹ በሚረግጡት መሬት ላይ ነው።

ከባዱ አማቴን ማሳመን ነበር። ማሙሽን ማጉረስ ይወዳሉ። ከሊማሊሞ የከበደ ዳገት ሆነብኝ። «እማማ፣ እጅዎን ይታጠቡ» እንዴት ይባላል? አልተናገርኩም። አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ እርድና ዘይት ቀላቅዬ እጄን ቀባሁና ፊታቸው ታጠብኩ። «ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?» አሉ። አሳየኋቸው። «እስቲ እኔንም» አሉና ሞከሩት። በውሃ ታጠቡ፣ ቢጫ። በሳሙና ታጠቡ፣ አውራ ጣታቸው ቢጫ። እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ሁሉ ዘመን አውራ ጣቴን ረስቼው ኖርኩ በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ተቆጣጣሪ እሳቸው ናቸው።

ማሙሽ ከዚያ ወዲህ ታሞ አያውቅም ብል ውሸት ይሆናል። በአሥራ አራተኛው ወር አንዴ ተቅማጥ ያዘው። ሲስተር ቀድማ ነግራኝ ነበር፣ እጅን በሳሙና መታጠብ የሚያስቀረው ከሦስት ተቅማጥ አንዱን ያህል ነው፣ የቀረው በውሃ፣ በጡጦ፣ በምግብ ሊመጣ ይችላል። ጡጦውን ያን ጊዜ ጣልኩት፣ አሁን በኩባያ ነው የሚጠጣው። ግን በዚህኛው ጊዜ አልደነገጥኩም። ጡት አልቀነስኩም። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ ሰጠሁት፣ የተበጠበጠውን ከ24 ሰዓት በኋላ ደፋሁት። በአራተኛው ቀን ተወው። ደም ቢቀላቅል፣ መጠጣት ቢያቅተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ቢያስመልስ፣ ዓይኑ ቢገባ ወይም ቢዝልብኝ ኖሮ ግን አንድ ሰዓት ቤት አላቆየውም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ሁላችንም አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣው ቀረበ። አማቴ ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ግማሽ ሳሙና አወጡና ወደ ቧንቧው አመሩ። አስተናጋጁ ልጅ ፈገግ ብሎ፣ «ማዘር፣ ገና አልበላችሁም እኮ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉት፣ አውራ ጣታቸውን እያሹ።